የአልቪዮለስ ግድግዳ «አንድ ሴል» ነው ወይስ ሁለት? ተማሪዬ አፌን አስያዘችኝ

ቾክ_በእጄ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ዛሬ ስለ ሳንባ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ አልቪዮለስ የሚባሉትን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች፣ ያችን የወይን ዘለላ የምትመስል ስዕል ሳልኩ። ከስሯ «የአልቪዮለስ ግድግዳ ውፍረት አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ግማሽ ማይክሮን ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። ለዓመታት የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የሰውነት ሴል ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ይሆናል ብለውናል። ታዲያ አንድ ሴል ያለው ግድግዳ እንዴት ከራሱ ከሴሉ ያንሳል? ደግሞስ የደም ስሩ የራሱ ሴል የለውም?»

ነገ እመልስልሻለሁ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ!

ከክፍል በኋላ ቤተ ሙከራ ገብቼ ያለችንን አንድ የሳንባ ስላይድ ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁ። በትልቁ ሌንስ እንኳ የሚታየኝ ባዶ ባዶ ክብ ነገርና በመካከላቸው የተሰመረ ቀጭን ሮዝ መስመር ነው። ንብርብር የሚባል ነገር አይታይም። የምታውቁ አግዙኝ። ነገ 3 ሰዓት ላይ ከዚያችው ልጅ ጋር ቀጠሮ አለኝ።

---

ሳይንስ_በቡና · ማታ 1፡41

ቀላል ነው መምህር። ሁለት ሴል ነው። አንዱ የከረጢቱ፣ አንዱ የደም ስሩ። ጋዝ የሚያልፈው በዲፊውዥን ነው፤ ዲፊውዥን ደግሞ ርቀት አይወድም። የሳሳው ለዚህ ነው።

በተለይ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲባል ነው። ከኦክስጅን የከበደ ሞለኪውል ስለሆነ ግድግዳው ቢወፍር መጀመሪያ የሚታገደው እሱ ነው።

---

ስላይድ_አንባቢ · ማታ 2፡15

ሳይንስ በቡና፣ ሁለት ሴል ያልከው ልክ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ገለበጥከው። ሞለኪውሉ መክበዱ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ ውስጥ የመሟሟት አቅሙ ከኦክስጅን ከ20 እጥፍ በላይ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ዞሮ ዞሮ እርጥብ ነገር ነው። በእኩል የግፊት ልዩነት ብናወዳድራቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 20 እጥፍ ያህል ቀድሞ ያልፋል። ግድግዳው ሲወፍር የሚቸገረው ኦክስጅን ነው።

አሁን ወደ መምህር ልምጣ። ሥራዬ ስላይድ ማንበብ ስለሆነ ይቺ ጥያቄ ደስ ብላኛለች።

የተጠበሰ እንቁላል አስቡ። አስኳሉ መሃል ላይ ጉብ ብሎ፣ ነጩ ግን በመጥበሻው ላይ ስስ ሆኖ የተዘረጋ። የከረጢቱ ዋና ሴል እንደዚያ ነው። ኒውክለሱ ያለበት ቦታ ያበጠ ነው፤ የቀረው አካሉ ግን ተዘርግቶ ተዘርግቶ ከ0.2 ማይክሮን በታች ይሳሳል። ልጅቷ የሰማችው 10 እና 20 ማይክሮን ድቡልቡል ሆኖ ለተቀመጠ ሴል ይሠራል። ይኸኛው ግን ሊጥ ሆኖ የተዳመጠ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ሴሎች ከከረጢቱ ውስጣዊ ገጽ 95 ከመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በቁጥር ግን ጥግ ጥግ ላይ ከሚቀመጡት ከሌሎቹ ወፍራም ሴሎች ያንሳሉ። ጥቂት ሆነው ሰፊ ሜዳ ያለብሳሉ ማለት ነው።

ከዚህ ስስ ሴል ኋላ የመሠረት ሽፋን የሚባል አለ። ሴል አይደለም፤ ሴሎቹ የሚያርፉበት የፕሮቲን ስጋጃ ነው በሉት። የደም ስሩም ሴል የራሱ ስጋጃ አለው። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ፦ ሁለቱ ስጋጃዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ የደም ስሩ ሴል ይቀጥላል፤ እሱም እንደዚያው የተዳመጠ ነው። ሁሉም ተደምሮ በቀጭኑ ቦታ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አማካዩ ትንሽ ከፍ ይላል። የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት 100 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ በግማሽ ማይክሮን ብናሰላ 200 ግድግዳ ቢደራረብ አንድ ወረቀት ይሆናል።

ስላይድህ ላይ መስመር ብቻ ያየኸው ዓይንህ ደክሞ አይደለም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮን በታች ያለውን መለየት ስለማይችል ሦስቱም ንብርብር አንድ ሮዝ ክር ሆኖ ይታያል። ሊቃውንቱም በዚሁ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተጨቃጭቀዋል። ከፊሎቹ የደም ስሩ ራቁቱን አየር ላይ ተጋልጦ ነው የሚቀመጠው ይሉ ነበር። ፍራንክ ሎው የሚባል አሜሪካዊ በ1952 እና 1953 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሳንባ ቁራጭ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስር አስገብቶ ስሱ ሴል ሳይቋረጥ እንደሚሸፍነው እስኪያሳይ ድረስ ነገሩ አልተዘጋም። ያንተ ተማሪ ጥሩ ወረፋ ላይ ናት።

---

ቾክ_በእጄ · ማታ 2፡32

እንቁላሏን ነገ እሰርቃታለሁ፤ ይቅርታ በቅድሚያ።

ግን «በቀጭኑ ቦታ» ያልከው ገባብኝ። ወፍራም ቦታም አለው ማለት ነው?

---

የሐይቅ_ዳር_ሯጭ · ማታ 2፡40

እኔም ጥያቄ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እሮጣለሁ። በአፍንጫ ስቦ ይዞ በአፍ የማስወጣት ልምምድ ጀምሬያለሁ። ይህ ነገር ግድግዳውን ያሳሳልኛል? በስንት ወር ለውጥ አያለሁ?

---

ሳይንስ_በቡና · ማታ 2፡44

ሯጩ፣ ጥያቄው እኮ ስለ ግድግዳው አሠራር ነው እንጂ ስለ ስፖርት አይደለም 😄

---

ስላይድ_አንባቢ · ማታ 3፡05

ተወው፣ ጥሩ ጠየቀ። ወንድሜ፣ በልምምድ ግድግዳ አይሳሳም፤ ባይሳሳ ይሻልሃል። ለውድድር የሚጋልቡ ፈረሶች በሙሉ ኃይል ሲሮጡ በሳንባቸው የደም ስር ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ከፍ ይልና ይህ ግድግዳ ይቀደዳል። ሳንባቸው ውስጥ ደም ይፈሳል፤ አንዳንዴ በአፍንጫቸውም ይወጣል። ተፈጥሮ ግድግዳውን እስከሚቻለው ጫፍ አሳስታዋለች። የሚይዘው ያ የተዋሃደ ስጋጃ ውስጥ ያለ ኮላጅን ነው።

ለመምህር ደግሞ፦ አዎ፣ ወፍራም ጎን አለው። እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይኼ ነው።

ካፒላሪዋ፣ ያቺ ቀጭን የደም ስር፣ በሁለት ከረጢቶች መካከል የምታልፍ ቧንቧ ናት። በአንዱ ጎኗ ከከረጢቱ ጋር ልጥፍ ትላለች፤ በመካከላቸው ስጋጃው ብቻ ነው። በሌላው ጎኗ ግን ልል ቦታ አለ። የሚለጠጡ ክሮች፣ የኮላጅን ክሮች፣ ትንሽ ፈሳሽ፣ አንዳንድ ሴል። በዚህ በኩል ግድግዳው ከ1 ማይክሮን በላይ ይሆናል። ቀጭኑ ጎን ጋዝ ያሳልፋል። ወፍራሙ ጎን ሁለት ሥራ አለው፦ ሕንጻውን ደግፎ ይይዛል፣ ከደም ስሩ የሚያመልጠውን ውሃም ተቀብሎ ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይሰዳል። በቀጭኑ ጎን ስጋጃዎቹ ስለተጣበቁ ውሃ የሚጠራቀምበት ክፍተት የለም።

እና መምህር፣ ግድግዳው ስስ ነው ስንል በአንድ ፊቱ ነው። በሁለቱም ፊት ስስ ቢሆን ኖሮ የሚቆም አይመስለኝም።

---

እሙዬ_ዘታቦር · ማታ 3፡28

ይቅርታ፣ እኔ ሳይንሱን ብዙም አላውቅ። ግን ስለ ውሃው ስታወሩ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እማዬ በልጅነቷ በነበረ የመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቭ ጠቧል ተብላለች። ባለፈው ክረምት ማታ ማታ መተኛት አቃታት። ስትጋደም ታፍናለች፣ ስትቀመጥ ይሻላታል። ሦስት ትራስ ደርድረን ነበር የምናስተኛት። አንድ ቦታ ወሰድናት። ጣቷ ላይ መለኪያውን አደረጉና 93 አለ። ኦክስጅኗ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው ብለው መለሱን። በጣም ነው ያናደደኝ፤ እናቴ ዓይኔ እያየ ትታፈናለች፣ እነሱ ቁጥር ያነባሉ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አረፋ ማስወጣት ጀመረች። ቀላ ያለ አረፋ። ሌላ ቦታ ስናደርሳት መለኪያው 78 አለ። ላሲክስ በደም ስር ሰጧት፣ ኦክስጅን አደረጉላት፣ ተርፋለች ተመስገን። አሁን ክትትል ላይ ናት። ግን እስካሁን አልገባኝም። ያኔ 93 የነበረው ውሸት ነበር?

---

ስላይድ_አንባቢ · ማታ 4፡10

እህቴ፣ እንኳን ተረፉልሽ። 93ቱ ውሸት አልነበረም። ያነበቡት ቁጥር ልክ ነው፤ የሰጡት ትርጉም ነው ያልሆነው። እናትሽን አላየሁም፤ ከነገርሽን ተነስቼ የሚመስለኝን ልበል።

ቫልቩ ሲጠብ ከሳንባ የሚመለሰው ደም በቀላሉ ወደ ፊት አይሄድም። ወደ ኋላ ይጫናል። ጤናማ ሰው ላይ በሳንባ ካፒላሪ ያለው ግፊት 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። በደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውሃውን ወደ ውስጥ የሚስቡበት ኃይል ደግሞ 25 ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ግፊቱ ወደ 25 ሲጠጋና ሲያልፍ ሚዛኑ ይሰበራል፣ ውሃው መውጣት ይጀምራል።

የት ይሄዳል? መጀመሪያ ወደዚያ ወደ ወፍራሙ ጎን። እዚያ ክፍተት አለ፤ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ቀጭኑ ጎን በዚህ ሰዓት ገና ስስ ነው፤ ኦክስጅን ማሳለፉን አላቆመም። 93ቱ ከዚህ ነው የመጣው። ሳንባው ግን ውሃ እንደጠጣ ብርድ ልብስ ከብዷል። ለመንፋት ጉልበት ይጠይቃል፣ ውሃው የነካቸው ነርቮችም አንጎልን «ታፈንኩ» ይሉታል። መታፈንና የኦክስጅን መቀነስ አንድ ነገር አይደሉም፤ እናትሽ የመጀመሪያው ነበራቸው፣ ሁለተኛው ገና አልመጣም ነበር። ሲጋደሙ የሚብሰው ከእግርና ከሆድ የሚመለሰው ደም ወደ ደረት ስለሚጨመር ነው።

በዚያች ሌሊት ስፖንጁ ሞላ። ሊምፉም ማድረቅ አቃተው። ውሃው ሴሎቹን አልፎ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። ከአየር ጋር ሲመታ አረፋ ሆነ፤ ቀይ ሴሎችም ስላመለጡ ቀላ። ያኔ ነው 78 የመጣው።

---

ኦክስጅን_ክፍል · ማታ 4፡35

ከአዳማ ነኝ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው። ስላይድ አንባቢ ያለውን አልቃወምም። ግን መምህር ነገ «ግድግዳ ሲወፍር ኦክስጅን ይቀንሳል» ብቻ ብሎ እንዳይወጣ እፈራለሁ።

እኛ ጋ የሚመጣው ዝቅተኛ ኦክስጅን አብዛኛው ከውፍረት አይደለም። ከረጢቱ በውሃ ወይም በመግል ይሞላል፣ አየር አይደርሰውም፤ ደሙ ግን በአጠገቡ ማለፉን አያቆምም። ያ ደም እንደመጣ ጥቁር ሆኖ ይመለስና ከደህናው ጋር ይቀላቀላል። የእሙዬ እናት 78 የገቡት በዚህ ይመስለኛል፤ ግድግዳቸው ወፍሮ አይደለም።

እንዴት ትለያለህ ካልከኝ፣ ኦክስጅን ሰጥቼ አያለሁ። ችግሩ የግድግዳ ውፍረት ብቻ ከሆነ ኦክስጅን ስትሰጠው ቁጥሩ ቶሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም በአየር በኩል ያለውን ግፊት ስለጨመርክ የወፈረውንም ይገፋዋል። ደሙ አየር ባልደረሰው ከረጢት በኩል እያለፈ ከሆነ ግን ብትከፍተውም ብትከፍተውም እምብዛም አይወጣም። አየሩ የማይገባበት ክፍል በር ላይ ኦክስጅን ብታፈስ ምን ዋጋ አለው?

---

ሳይንስ_በቡና · ማታ 4፡50

ታዲያ ውፍረት ለውጥ ካላመጣ ለምን ሳሳ? እርስ በርሱ ተጋጨብኝ።

---

ስላይድ_አንባቢ · ማታ 5፡20

አይጋጭም። ትርፍ ስላለው ነው የማይታየው። በቁጥር ልሞክር፣ ሐዋሳን ይዤ።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማም እዚያው ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። አየሩ ሳንባ ሲገባ በውሃ እንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎቱ 47 ይወስዳል። ከቀረው 573 ውስጥ 21 ከመቶው ኦክስጅን ስለሆነ 120 ይሆናል። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ ይሻማል፣ ኦክስጅንም እየተወሰደ ነው፤ 45 ያህል ይቀነሳል። 75 ቀረን። ጅቡቲ ባሕር ዳር ላይ ያለ ሰው 100 አለው።

ወደ ካፒላሪው የሚገባው ደም ደግሞ 40 ገደማ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እኛ ጋ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ኦክስጅኑን የሚገፋው ልዩነት በባሕር ዳርቻ 60 ሲሆን እኛ ጋ 35 ገደማ ነው። በዚች ልዩነት ነው ሁሉም የሚሠራው።

ጊዜውን ተመልከቱ። ቁጭ ባለ ሰው አንድ ቀይ ሴል በካፒላሪው ውስጥ የሚቆየው ሦስት አራተኛ ሰከንድ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በሩብ ሰከንድ ገደማ ኦክስጅኑን ጠጥቶ ይጨርሳል። እኛ ጋ ልዩነቱ ስላነሰ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ቢሆንም የቀረው ጊዜ ትርፍ ነው። ግድግዳው በእጥፍ ቢወፍር በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ኦክስጅን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሴሉ ግን ትርፉን ጊዜ ተጠቅሞ ይሞላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚለካ ሰው ምንም አይታይበትም።

አሁን ታቦር ተራራን ይውጣ። ልቡ ደሙን ያሯሩጠዋል፣ ሴሉ የሚቆይበት ጊዜ ወደ ሩብ ሰከንድ ይወርዳል። ትርፍ የሚባል የለም። ስስ ግድግዳ ያለው ይደርሳል። የወፈረበት ሳይሞላ ይወጣል፣ ጣቱ ላይ ያለው ቁጥርም ይወርዳል። ስለዚህ የግድግዳ ነገር ከጠረጠርክ ሰውየውን አስኪደህ ለካው።

ሌላው ነገር ደሙ ራሱ ስስ ሆኖ መነጠፉ ነው። የሁለቱ ሳንባ ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች ናቸው፣ ገጻቸው ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰፋ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ማለት ነው። እዚያ ወለል ላይ በአንድ ቅጽበት ያለው ደም ግን ከአንድ የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። ቀይ ሴሎቹ በጠባቡ ካፒላሪ ውስጥ አንድ በአንድ ነው የሚሾልኩት። የሚሞላው ትንሽ፣ በሩ ሰፊ፣ ግድግዳው ስስ።

---

ኦክስጅን_ክፍል · ማታ 5፡34

በዚህ ተስማማን። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥር ሲነበብ ያለንበትን ከተማ አትርሱ። እዚህ ጤነኛ ሰው 94 እና 95 ቢያነብ አይገርምም። ለዚህ ነው 93 ብቻውን ብዙ የማይነግረን።

ሳንባቸው ጠባሳ በሆነባቸው ሰዎች ላይ ግን አሁንም እንለያያለን መሰለኝ። አንተ ግድግዳ ትላለህ፤ እኔ እዚያም ዋናው ችግር አየርና ደም አለመገጣጠማቸው ነው እላለሁ። ቢያንስ ሲቀመጡ።

---

ስላይድ_አንባቢ · ማታ 5፡41

ሲቀመጡ ላንተ ልተውልህ። ሲሄዱ ግን ግድግዳው ድርሻ አለው፣ ስንት እንደሆነ ሌላ ጊዜ እንጣላ።

---

የሐይቅ_ዳር_ሯጭ · ማታ 5፡45

ስለዚህ ልምምዱን ልተወው?

---

ኦክስጅን_ክፍል · ማታ 5፡47

ኧረ ሩጥ! ልብህና ጡንቻህ ነው የሚለወጠው፣ ግድግዳህ አይደለም።

---

እሙዬ_ዘታቦር · ማታ 6፡02

አንድ ነገር ልጠይቅና ልተኛ። አሁን እማዬ በአንድ ትራስ ነው የምትተኛው። ወደ ሁለት ብትመለስ የዚያ የስፖንጁ ምልክት ነው?

---

ስላይድ_አንባቢ · ማታ 6፡08

ሊሆን ይችላል። የትራስ ቁጥር ከጨመረ፣ ሌሊት ታፍነው ከነቁ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደታቸው በድንገት ከጨመረ የጣት መለኪያውን አትጠብቂ፣ ወደሚከታተላቸው ሐኪም ውሰጃቸው። «ስትጋደም ነው የሚብሳት» ብለሽ መጀመሪያ ንገሪው።

---

ቾክ_በእጄ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

ተመልሻለሁ። እንቁላሏ ሠራች። መጥበሻ ስል ክፍሉ ሳቀ፣ ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ ሁለት እንቁላል ጀርባ ለጀርባ ሳለች፣ መካከል ላይ አንድ መስመር። ከዚያ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ኦክስጅኑ ቀይ ሴሉ ውስጥ ለመግባት የሱንም ሽፋን ያልፋል አይደል? የደሙንስ ውሃ? ለምን አንቆጥራቸውም?» አለችኝ።

ትክክል ናት አይደል?

---

ስላይድ_አንባቢ · ከሰዓት 10፡02

ትክክል ናት። ቀይ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ከሂሞግሎቢን ጋር መያያዙ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ግድግዳው እጅግ ስስ ስለሆነ የዚህኛው ድርሻ ቀላል አይደለም። ልጅቷን ወደዚህ ላካት።

---

ቾክ_በእጄ · ከሰዓት 10፡20

ስልክ ከፈተና በኋላ ነው የሚፈቀድላት አሉ። የባሰው ደግሞ የሞዴል ፈተናው ነው። ጥያቄ 14፦ «የአልቪዮለስ ግድግዳ ስንት ሴል ውፍረት አለው?» ይላል፣ የመልስ ወረቀቱ ላይ «ሀ. አንድ» ነው። የከረጢቱን ብቻ ከቆጠርን ልክ ነው፤ ደሙ እስኪደርስ ከቆጠርን «ለ. ሁለት» ነው። ሁለቱንም እንቀበል ብዬ ለትምህርት ክፍሉ አንስቻለሁ። እስካሁን መልስ የለም።